የጠዋቱ ውሃ ቀለም

ቡታጅራ ውስጥ ስለ ቧንቧ ውሃ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሰው ልብስ አጣቢ ነኝ። ዕድሜዬን ከሰው ግቢ ወደ ሰው ግቢ እየዞርኩ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። በእኛ ከተማ አጣቢ ወደ ሥራ ስትሄድ የምትይዘው ክንዷን ብቻ ነው። ሳሙናው የቤቱ ነው፣ ሳፋው የቤቱ ነው፣ ውሃውም ከዚያው ግቢ ቧንቧ የሚቀዳ ነው። ልብሱ ሲበላሽ ግን ጥፋቱ የአጣቢዋ ብቻ ይሆናል። ይኼን ነገር ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የምተርከው ነገር የሆነው መስቀል ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። መስቀል ሲቃረብ እኛ ጋ ሥራ እንደ ጉድ ነው። አዲስ አበባ የሚነግደው ልጅ ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል፣ ቤቱ ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ከሳጥን ያልወጣ ነጭ ልብስ አይኖርም። እኔም በዚያን ሰሞን በሳምንት ስድስት ቀን፣ በስድስት ቤት አጥባለሁ። ከስድስቱ ቤቶች ትልቁ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሰፊ ግቢ ነበር። ባለቤቲቱን እትዬ ነበር የምላቸው፤ ለዓመታት አጥቤላቸዋለሁ፣ እኔም እሳቸውም የአንድ የሴቶች እድር አባል ነን።

እትዬ ያን ዓመት አራት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው አዘጋጅተው ነበር፤ ሁለቱ ለሴት ልጆቻቸው፣ ሁለቱ ለወንድ ልጆቻቸው ሚስቶች። ጥጡን የፈተሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ክረምት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ሸማኔ ከሠራው በኋላ አቧራው እንዲለቅና እንዲለሰልስ አንድ ጊዜ ታጥቦ ለበዓሉ ይቀመጥ ተባለ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ችግሩ ውሃው ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሰነበተ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ እዚያው ግቢ ብርድ ልብስ ሳራግፍ፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ቡናማ ነገር ለቀቀ። ውሃ ነው ለማለት ያስቸግራል። ጎረቤትም «መጣ! መጣ!» እያለ ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ ይሰማል። እኔ ትንሽ እናፍስሰውና ይጥራ አልኩ።

«ዘጠኝ ቀን የጠበቅሁትን ውሃ መሬት ላይ ላፍስ? አብደሻል እንዴ?» አሉ እትዬ። «ቶሎ በርሜሉን ሙዪ! አሁኑኑ ቢሄድስ?»

አልፈርድባቸውም፤ ሁላችንም የምናደርገው ይኼንኑ ነው። የጠፋ ውሃ ሲመለስ መፍሰስ ያለበት የመጀመሪያው ነው፣ እኛ ግን ተሽቀዳድመን የምንይዘው የመጀመሪያውን ነው። ሞላሁላቸው። ያን ዕለት ግን በዚህ ውሃ ነጭ ልብስ አላጥብም ብዬ እምቢ አልኩ፤ እሳቸውም ተስማሙ። በማግስቱ በርሜሉን ስከፍት ላዩ ኩልል ብሏል፤ ታቹ ላይ ግን ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቀይ ጭቃ ተኝቷል። እትዬም አዩትና «ያው የመስመሩ ደለል ነው፤ ሲመጣ ያለ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቀን ደፍርሶ በማግስቱ ጠርቷል። ከማዶ ባለው ግቢ በኩል ሳልፍ ልጆች ከቧንቧው ይጠጡ ነበር።

እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቤቱ ገና ተኝቷል። ከጓሮ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቧንቧ ከፍቼ ሰማያዊውን ሳፋ ሞላሁ። ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ቢጫ ያለ ውሃና ጥሩ ውሃ አይለይም፤ ይኼን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ቀሚሶቹን ዘፈዘፍኩ፣ በሳሙና አሸሁ፣ ሳነሳቸው ትንሽ ቢጫ ነገር ያየሁ መሰለኝ። እዚህ አገር አጣቢ ነጭ ላይ ቢጫ ስታይ የምታደርገው አንድ ነገር ነው። በረኪና አደረግሁበት። ቢጫው ባሰ። ጨመርኩበት። ጭራሽ ባሰ። በሁለተኛው ውሃ አለቅልቄ ገመድ ላይ ሳሰጣቸው አራቱም ቀሚስ፣ አራቱም ነጠላ ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት መስሏል።

ሳላወርዳቸው እትዬ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

እትዬ አራት ሰዓት ላይ ወጡ። ገመዱን አዩ። ሄደው የአንዱን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ሙልጭ አድርገው ሰደቡኝ። ውሃው ነው ስላቸው ቀጥ ብለው ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄዱና ነጭ የሸክላ ሰሃን ሞልተው አፍንጫዬ ሥር አመጡት። ውሃው የጠራ ነበር።

«ይኼ ነው ውሃው? ይኼ ነው ልብሴን ያቃጠለው? ደለሉ ካለፈ ሁለት ቀኑ!»

በዓይኔ አየሁት፤ ጠርቷል። ራሴን ተጠራጠርኩ። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ሁለት ክረምት የፈተሉት ነገር ነውና ቢቆጡ መብታቸው ነው እል ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ እድርተኛው ሁሉ በሰማበት፣ እኔ የልብስ ጠላት እንደሆንኩ፣ እጄ ጥንቃቄ እንደሌለው፣ ያበላሸሁትንም በውሃ እንደማሳብብ ተናገሩ። እኔ ወጥ ቤት በኩል ድስት ሳጥብ ነበርኩ። ሰማሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች መስማቴን አዩና ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። በሳምንቱ ከስድስቱ ቤቶች ሁለቱ «ለጊዜው ይቆይ» አሉኝ፤ ከመስቀል በፊት «ይቆይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አጣቢ ሱቅ የላት፣ ፈቃድ የላት፤ ያላት «እሷ ጥሩ ታጥባለች» የሚል የሰው አፍ ነው። ያ አፍ ሲዞርባት ነገ የምትበላው የላትም።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፤ መናደዱ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህማ አይቀርም ብዬ ገበያው ዳር የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጡት ሐጂ ሄድኩ። ሐጂ በወጣትነታቸው ቧንቧ ሲዘረጉና ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸው ሲደክም ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ለባለቤታቸው አጥብላቸዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም ልጄ። ፊትሽ ምነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ክንድ የሚያህል የቆየ የብረት ቧንቧ አውጥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። ውጪው ደህና ቧንቧ ነው። ውስጡ ግን ቡናማ እባጭ በእባጭ ሆኖ ተደፍኗል፤ ትንሿ ጣቴ እንኳ አልገባ አለች።

«ይኼ ከአንድ ግቢ ያወጣሁት ነው» አሉ። «ብረቱ ላይ ዝገት እንዳይዘው የተቀባ ነገር ነበረው። ሲያረጅ ቅቡ ያልቃል፣ ከዚያ ብረቱ ራሱ ይበላል። ውሃ ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ውስጥ ቆሞ ሲያድር ብረቱን ይዞ ይወጣል። ሰው ቀድቶ ቀድቶ የቆመው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ይጠራል። እሳቸው በአራት ሰዓት ምን ያያሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት የቀዳሁት ውሃና እሳቸው በአራት ሰዓት በሰሃን ያመጡት ውሃ፣ ከአንድ ቧንቧ ቢወጡም አንድ ውሃ አልነበሩም።

«ታዲያ ያን ቀን የመጣውስ ቡናማ?» አልኩ። «ሰፈሩ ሁሉ ላይ የመጣው?»

«እሱ ደለል ነው። ትልቁ መስመር ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ሲሄድ ጭቃውም ዝገቱም ታች ይተኛል። ውሃ ጠፍቶ ድንገት ሲመለስ ጉልበት አለው፤ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶ ይዞ ይመጣል። ለቀቅ ሲያደርጉት ይጠራል።» ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጬ ባየው እለየው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጠርሙስ ብቻ አይለይም። የመስመሩም ደለል ውስጥ ዝገት አለ፣ ሁለቱም ቡናማ ነው፣ ሁለቱም ሊዘቅጥ ይችላል። የት ነው፣ መቼ ነው ብለሽ ጠይቂ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቀን ከደፈረሰ ከመስመሩ ነው። አንድ ቤት በየጠዋቱ ከደፈረሰ ከቤቱ ነው። የመንገዱ መስመር ከሚገባበት ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ቅጂ፣ ከጓሮም ቅጂ።»

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሦስት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ እትዬ በር ላይ ቆምኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ውሃ ልቀዳ ብዬ ስጠይቃቸው «ቀድተሽ ጠጪው!» ብለው ወደ ቤት ገቡ። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የመጀመሪያውን ከጓሮ ቀዳሁ፤ ማንም ገና ያልከፈተው ነው። ሁለተኛውን በሩ ጋ፣ ከቆጣሪው ሥር ካለችው ትንሽ ቧንቧ። ሦስተኛውን ከማዶው ግቢ ለምኜ። የማዶው ሰዎች ቧንቧቸውን ወደ ፕላስቲክ ቀይረዋል። ሦስቱን አጥሩ ላይ ደረደርኳቸው። የጓሮው ብቻ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ያለው ቧንቧ ድሮ የእትዬ አማት ያስቀበሩት ብረት እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ደስ ባለኝ። ግን የሐጂ ቧንቧ ሌላ ጥያቄ ይዞብኝ ነበር፤ ያ ውሃ ሳፋ ውስጥ ቀለሙ እንኳ አይለይም ነበር፣ እንዴት ልብሱን እንደዚያ አደረገው? ተመልሼ ጠየቅኋቸው። በረኪና ስላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የማይታይ ብረት አለ። በረኪናው እዚያው ጨርቁ ላይ ያዝገዋል።»

አላመንኩም። ማመን አልፈለግሁም ብል ይሻላል። ቤቴ ከአንድ አሮጌ አንሶላ ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ። ሁለቱንም ከእትዬ ጓሮ ከቀዳሁት ውሃ ቀንሼ ነከርኩ፣ አንዱ ላይ በረኪና ጠብ አደረግሁ። በረኪና ያልነካው ትንሽ ፈዘዝ አለ እንጂ ነጭ ነው። በረኪና የነካው ያ የቀጭን ሻይ ቀለም ሆነ፤ ዓይኔ እያየ ሆነ። ሌላ ጠብ ሳደርግበት ባሰበት። እትዬ ግቢ ያደረግሁትን ሁሉ ደግሜ አየሁት። በንዴት የበረኪናውን ጠርሙስ ወረወርኩት። በራሴ ነበር የተናደድኩት፤ እሳቸውን ሙሉ ለሙሉ በደለኛ አድርጌ ልይዛቸው ነበርና ያ ቀረብኝ። አንዱን ዳር ሎሚና ጨው አሽቼ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው እዚያ ጋ ቀለሙ አብዛኛው ለቀቀ። ይኼን ብቻ ይዤ ለእትዬ ብነግራቸው ልብሳቸው ሊድን ይችላል። ግን «በረኪና አደረግሁበት» ማለት አለብኝ። ያን ካልኩ ደግሞ ከጠርሙሶቼ ይልቅ የሚሰማው ያ ብቻ ይሆናል።

ሁለት ቀን አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ ስሜ የጠፋው በእድርተኛ ፊት ነው፣ የሚመለሰውም በእድርተኛ ፊት ነው። ግማሹን ደብቄ ብናገር ግን ነገ በረኪናውን ሌላ አጣቢ ታውቀዋለች፣ ያኔ በእውነትም ውሸታም እሆናለሁ።

እሑድ የሴቶቹ እድር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ የዕለቱን ጉዳይ ስትጨርስ ተነሳሁ። ሦስቱን ጠርሙስና ሁለቱን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«በለቅሶ ቤት ስለ እኔ የተባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል» አልኩ። «ይኼ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከእትዬ ጓሮ የተቀዳ ነው። ይኼ በዚያው ሰዓት ከዚያው ግቢ ከቆጣሪው ሥር ነው። ይኼ ከማዶ። ዝገቱ የመጣው ከግቢው ቧንቧ ነው፣ ከእኔ እጅ አይደለም። ይኼ ጨርቅ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ቢጫ ሳይ በረኪና አደረግሁ፣ ዝገቱን ልብሱ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ነበር። አሁን አውቄያለሁ፣ በሎሚና በጨው እንደሚለቅም አውቄያለሁ። እትዬ፣ ቀሚሶቹን ይስጡኝ፣ በማዶው ውሃ አጥቤ አመጣለሁ።»

እትዬ ተነስተው የጓሮውን ጠርሙስ አነሱና ወደ መስኮቱ ያዙት። ብዙ አዩት። እኔ ምን እንደምላቸው አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢክዱ አንድ በአንድ ላወርድባቸው። አልካዱም።

«በዚህ ነው እኔ በየጠዋቱ ፊቴን የምታጠበው?» አሉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ውሸቷን ነው ብዬ ነበር። ውሸቷን አይደለም። ቧንቧው የእኔ ነው።»

ይቅርታ አላሉም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ለአጣቢ ይቅርታ መጠየቅ ከንፈር የሚያቃጥል ነገር ነው መሰለኝ። ያም ሆኖ የምፈልገው ተባለ፤ ስሜ በጠፋበት ሰው ፊት ተባለ። ሁለቱ «ይቆይ» ያሉኝ ሴቶች እዚያው ተቀምጠው ሰምተዋል፤ አንደኛዋ ማክሰኞ እንድመጣ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ጠርሙሶቼን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ።

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ተነሳች። ፀጥ ያለች፣ ስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ፣ ቤቷም ከእትዬ ቤት ብዙ የማይርቅ ናት። ጠረጴዛው ጋ መጥታ በረኪና የነካውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አነሳች።

«በረኪናው ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«በረኪናውና የቧንቧው ዝገት። ሁለቱ ሲገናኙ።»

«የእኛም ግቢ ቧንቧ ብረት ነው» አለች። ጨርቁን እያገላበጠች ቆየች። «አምና ቤቴ አንዲት ከቸሃ ገጠር የመጣች ልጅ ትሠራ ነበር። የባሌን ነጭ ሸሚዝ ሁሉ እንደዚህ አድርጋው አገኘሁ። በረኪናውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ አብዝተሽ አድርጊ ያልኳትም እኔ ነኝ። ውሃው ነው፣ እናቴ ትሙት ውሃው ነው ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። በዝናብ አስወጣኋት።»

«አሁን የት ናት?» አለች ሊቀመንበሯ።

ሴትዮዋ ጨርቁን አጣጥፋ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«አላውቅም። ለሦስት ቤት ሌባም ናት ብዬ ተናግሬባታለሁ።»